«ነገ አትምጪ»፦ በትንሽ ድርጅት ውስጥ ቅሬታ ማቅረብ ለምን ያስፈራል?

በጂማና በዙሪያዋ ባሉ የቡና ከተሞች ሠራተኛ ሲባረር ብዙ ጊዜ የስንብት ደብዳቤ አይጻፍም። የቀን ሠራተኛዋ ማታ ስትወጣ «ነገ ሥራ የለም፣ ስንፈልግሽ እንደውላለን» ትባላለች። ስልኩ አይደወልም፤ ነገሩ በዚህ ያልቃል። እንዲህ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ ሰሞኑን አንድ ነገር በተናገረች ሴት ላይ ነው።

ስለዚህ አንድ ባለቤት «የእኔ በር ክፍት ነው፣ ቅሬታ ያለው ይምጣ» ሲል ልቡ ቅን ሊሆን ይችላል፤ ክፍት በር ግን ሥርዓት አይደለም። በሩ የሚያደርሰው ወዴት ነው? የሚቀመጥበትስ ማን ነው? ጥያቄው ይህ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ጊንጆ ውስጥ 18 ሠራተኞች ያሉት የቡና ማበጠሪያ ቤት አለ እንበል። ከ18ቱ አሥሩ በለቀሙት ኪሎ ልክ የሚከፈላቸው ሴት ለቃሚዎች ናቸው። ሚዛን ላይ የተቀመጠው የባለቤቱ የሚስት ወንድም ነው። ባዶ ጆንያ አንድ ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ እሱ ግን ለጆንያና ለአቧራ እያለ ከእያንዳንዱ ሦስት ኪሎ ይቀንሳል። በቀን ሁለት ጆንያ የምታስረክብ ሴት በቀን አራት ኪሎ ታጣለች ማለት ነው። በ25 የሥራ ቀን 100 ኪሎ ይሆናል። አሥሩ ሲደመሩ በወር አሥር ኩንታል።

አሁን ከእነዚህ አንዷ ለማን ትናገር? ለባለቤቱ ብትናገር የሚስቱን ወንድም ከሰሰች ማለት ነው። «አባቱ ዳኛ ልጁ ቀማኛ» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

የብዙ አማካሪዎች የመጀመሪያ መልስ የአስተያየት መስጫ ሣጥን ነው። በሺህ ሠራተኛ ፋብሪካ ሣጥን ይሠራ ይሆናል። በ18 ሰው ድርጅት ውስጥ ግን ማን ወደ ሣጥኑ እንደተጠጋ ሁሉም ያያል፤ የእጅ ጽሑፉም ይታወቃል። ማንበብና መጻፍ የማትችል ደግሞ ከመነሻው ውጪ ናት። በትንሽ ድርጅት ውስጥ ስም መደበቅ እምብዛም አይቻልም። ስለዚህ ሥርዓቱ መቆም ያለበት በስም መደበቅ ላይ ሳይሆን ከበቀል በመጠበቅ ላይ ነው።

ለዚያ ደግሞ አራት ነገር ይበቃል።

መጀመሪያ ተቀባዩ። ቅሬታ የሚቀበሉ ሁለት ሰዎች ይኑሩ፤ አንዷ ሴት ትሁን። ሠራተኞቹ ራሳቸው ይምረጧቸው። ደመወዝ የሚከፍል፣ ሚዛን የሚይዝ ወይም የባለቤቱ ዘመድ የሆነ ሰው አይመረጥ። ቅሬታው በቃል ሊቀርብ ይችላል፤ በአፋን ኦሮሞም ሆነ በአማርኛ። ተቀባዩ ይጽፈዋል፣ መልሶ ያነብላታል፣ ከተስማማች ትፈርማለች ወይም አሻራ ታኖራለች። የመዝገብ ቁጥር ያለው ቅጂ ይዛ ትሄዳለች። ያ ወረቀት ባይኖር «ማንም የነገረን የለም» ማለት ቀላል ነው።

ሁለተኛው አጣሪው ነው። የተከሰሰ ሰውም ዘመዱም አያጣራም፣ አይወስንም። የተከሰሰው ባለቤቱ ራሱ ወይም ቤተሰቡ ከሆነ ጉዳዩ ከድርጅቱ ውጪ ላለ ሰው ይሄዳል። ይህ ሰው ጠብ ከተነሣ በኋላ ሳይሆን አስቀድሞ በሠራተኞቹና በባለቤቱ ስምምነት የተመረጠ መሆን አለበት፤ ጡረታ የወጣ የሒሳብ ባለሙያ ወይም ሁለቱም ወገን የሚያምኑት የአካባቢው ሰው ሊሆን ይችላል። ቅሬታው በሁለት የሥራ ቀን ደረሰኝ ይባልለት፤ በአሥር የሥራ ቀን ውሳኔው ከነምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጥ።

በምሳሌያችን አጣሪው «ማን ከሰሰ?» ብሎ አይጀምርም። አሥር ባዶ ጆንያ አንድ ላይ ያስመዝንና ለአሥር ያካፍላል። ከዚያ የሚዛን መዝገቡን አውጥቶ ስንት ተቀንሶ እንደነበር ያያል። ቅሬታው እውነት ከሆነ የተጓደለው ለአንዷ ብቻ ሳይሆን ለአሥሩም ይከፈላል። በዚህ መንገድ ስሙ ሳይነሣ ጉዳዩ ይጣራል፤ ክፍያውም ተናጋሪዋን አይጠቁምም። ሰውን ከመክሰስ ይልቅ አሠራሩን መፈተሽ በሚቻልበት ሁሉ ይህ መንገድ ይቀድማል።

ሦስተኛውና ዋናው የበቀል ጥበቃው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 26 ሠራተኛ በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረቡ የሥራ ውል ለማቋረጥ ሕጋዊ ምክንያት እንደማይሆን ይደነግጋል። ችግሩ እዚህ ማንም «ስለከሰስሽ ነው» አይልም፤ «ሥራ ቀዝቅዟል» ነው የሚለው። ስለዚህ ድርጅቱ የዕለት ምደባ መዝገብ ይያዝ፤ ማን ስንት ቀን እንደተጠራ ይታይ። ቅሬታ ካቀረበች በኋላ ባሉት 90 ቀናት የሴትዮዋ ቀን ከሌሎቹ ተለይቶ ከቀነሰ ባለቤቱ ምክንያቱን በጽሑፍ ያስረዳ። የለቀማው ወቅት ሲያልቅ ደግሞ ለቀጣዩ ዓመት የሚጠሩት ስም ዝርዝር ሠራተኞቹ ባሉበት ተጽፎ ይፈረም። በሚቀጥለው ዓመት የጎደለ ስም ካለ ምክንያት ይጠየቅበታል። በወቅታዊ ሥራ ላይ በቀል የሚደበቀው በሁለቱ ወቅቶች መካከል ነውና።

አራተኛው የመውጫው በር ነው። የውስጥ ቅሬታ ወደ ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ወይም ወደ ፍርድ ቤት መሄድን ሊከለክል አይችልም፤ ሊያዘገይም አይገባም። በአዋጁ መሠረት ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ጥያቄ በሦስት ወር፣ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ በስድስት ወር በይርጋ ይታገዳል። «እያየነው ነው» እየተባለ ጥቅምት የተነሣ ቅሬታ እስከ ግንቦት ከተጎተተ መብቱ አለቀ ማለት ነው። የአሥር ቀኑ ገደብ ያስፈለገው ለዚህም ጭምር ነው።

እዚህ ላይ ሽምግልና ይነሣል። የሽምግልና ባህላችን ትልቅ ሀብት ነው፤ በሒሳብ፣ በሰዓት፣ በክፉ ቃል ጉዳይ ሁለቱም ወገን ከፈለጉ ቶሎ ያስታርቃል። በወሲባዊ ትንኮሳና ጥቃት ላይ ግን «ይቅር ተባባሉ» ማለት ተጎጂዋን ከአጥቂዋ ጋር ወደ አንድ መጋዘን መልሶ መላክ ነው። አዋጁ ሁለቱንም ከልክሏል፤ በአሠሪው ወይም በሥራ መሪው የተፈጸመባት ሠራተኛም ያለ ማስጠንቀቂያ ውሏን ማቋረጥ ትችላለች። እንዲህ ያለ ቅሬታ ሲመጣ መጀመሪያ ከቦታው የሚዛወረው ተከሳሹ ይሁን እንጂ እሷ አትሁን። ወንጀል ከሆነም መንገዱ ወደ ፖሊስ ነው።

ባለቤቶች ሁለት ስጋት ያነሣሉ። አንዱ የሐሰት ክስ ነው። ይመጣል፤ ግን ተከሳሹም መልሱን የሚሰጥበት፣ ማስረጃ የሚታይበት ሥርዓት ባለቤቱን ከወሬ ያድነዋል። ሌላው «እኛ ትንሽ ነን፣ ለዚህ አቅም የለንም» የሚለው ነው። ከላይ የተዘረዘረው የሚጠይቀው አንድ መዝገብ፣ ሁለት ተቀባይና አንድ የውጭ ሰው ነው። ከአሥር በታች ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ደግሞ የራሱ የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ስለማይቻል፣ ሠራተኛው ከሌሎች ድርጅቶች ባልደረቦቹ ጋር በጠቅላላ ማኅበር ካልተደራጀ በስተቀር ይህ መዝገብ ብቸኛ ጋሻው ነው።

ሥርዓቱ መሥራቱ በምን ይታወቃል? በዓመቱ መጨረሻ መዝገቡ ባዶ ከሆነ ባለቤቱ ደስ አይበለው፤ 18 ሰው ዓመቱን ሙሉ ቅር ሳይለው አይውልም። ፈርተዋል ማለት ነው። ከዚያ ይልቅ ባለፈው ዓመት የተናገረችው ሴት ዘንድሮም ቡናው ሲቀላ ተጠርታ መጥታ እንደሆነ ይይ።