መስመሩ ከመቀየሱ በፊት መድረሻው ይታወቅ

ዳንዚግና ራምሰር የተሽከርካሪ መስመር ቅየሳን ችግር በ1959 እ.ኤ.አ. ካቀረቡ ወዲህ በዘርፉ የተሠሩ አብዛኞቹ ሞዴሎች ደንበኛው ያለበት ነጥብ አስቀድሞ ይታወቃል ከሚል ግምት ይነሣሉ። የሚፈለገው የነጥቦቹ ቅደም ተከተል ብቻ ነው። በአዲስ አበባ ግን ይህ ግምት አይጸናም። ስለዚህም በከተማዋ ዕቃን እስከ ደጃፍ ስለ ማድረስ የሚካሄድ ጥናት ቅደም ተከተሉን ከማሻሻል በፊት የመድረሻውን አለመታወቅ ራሱን የጥናቱ አካል ሊያደርገው ይገባል።

ክፍለ ከተማ፣ ወረዳና የቤት ቁጥር ተሟልተው ቢሰጡ እንኳ ቁጥሮቹ በየቦታው የመንገዱን ተርታ ተከትለው ስለማይሄዱ ሞተረኛውን ደጃፍ ላይ አያደርሱትም። በአንዳንድ ቅጾች ላይማ በቁጥሩ ፈንታ «አዲስ» የሚል ቃል ብቻ ይገኛል። በተግባር የሚሠራው አድራሻ «ከመገናኛ ወደ ሃያ ሁለት ሲመጡ፣ ማደያውን አለፍ ብሎ፣ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ» የሚለው ነው። ይህ አነጋገር የራሱ ሥርዓት አለው፤ ትርጉሙ ግን በመጪው አቅጣጫ ላይ የተመሠረተ ነው። ከሃያ ሁለት በኩል ለሚመጣ ሰው «አለፍ ብሎ» የሚለው ከማደያው ወዲህ ይሆናል። የቅየሳ ፕሮግራሙ ኪሎ ሜትር ለመቆጠብ የጉብኝቱን ተራ ሲቀይር የመጪውንም አቅጣጫ ይቀይራልና፣ ሳያውቀው የአድራሻውን ትርጉም ያዛባል።

የጉዳቱን መጠን በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ ሞተረኛ 16 ዕቃዎችን ይዞ ወጣ እንበል። በየመድረሻው መካከል 6 ደቂቃ ቢነዳ 96 ደቂቃ፣ ለርክክብ 3 ደቂቃ ቢወስድ 48 ደቂቃ ይሆናል። ከ16ቱ 6ቱ አድራሻቸው አሻሚ ሆኖ እያንዳንዱ በስልክና በፍለጋ 12 ደቂቃ ቢያባክን 72 ደቂቃ ይጨመራል፤ ድምሩ 216 ደቂቃ ነው። የነዳጁን ጊዜ በ10 በመቶ የሚቀንስ የተሻለ ቀመር የሚያተርፈው 10 ደቂቃ ያህል ነው። አሻሚዎቹን ከ6 ወደ 3 ማውረድ ግን 36 ደቂቃ ያተርፋል።

አሻሚነቱ ቅደም ተከተሉንም ይነካል። አሻሚው አድራሻ በ2ኛው ተራ ላይ ቢውል የ12 ደቂቃው መዘግየት ለቀጣዮቹ 14 ደንበኞች ይተላለፋል፤ በ15ኛው ላይ ቢውል የሚጎዳው አንድ ደንበኛ ብቻ ነው። የደንበኞች የጥበቃ ጊዜ ተደምሮ ሲታይ ልዩነቱ 168 እና 12 ደቂቃ ነው። ስለዚህ የሰዓት ቀጠሮ ያልተያዘለትና ተጨማሪ ጉዞ የማያስከትል አሻሚ መድረሻ ወደ ኋላ ቢገፋ ይመረጣል። እስከዚያው ድረስም ሞተረኛው ሳይሆን ቢሮ ያለው ሠራተኛ ደውሎ ሊያጣራው ይችላል።

ይህን ለመሥራት የሚያስፈልገው መረጃ በየዕለቱ ከሞተረኞች ስልክ ያልፋል። ሞተረኛው ከተገመተው ነጥብ 300 ሜትር ውስጥ ከገባበት ቅጽበት እስከ ርክክቡ ያለው ጊዜ ቢመዘገብ፣ አሻሚ አድራሻ በቀላሉ ይለያል። ርክክቡ የተፈጸመበት ነጥብ በደንበኛው ስልክ ቁጥር ሥር ቢቀመጥም ለቀጣዩ ጉዞ ያገለግላል። ሆኖም ጥሬው ነጥብ እንዳለ ሊታመን አይገባም። አንዳንድ ሞተረኛ «ደርሷል» የሚለውን የሚጫነው ቀጣዩ ደንበኛ ዘንድ ከደረሰ በኋላ ነው፤ በረጃጅም ሕንፃዎች መካከልም የሳተላይቱ ምልክት እየተንጸባረቀ ነጥቡን ያሸሻል። እንዲህ ያለ አንድ ስሕተት አማካዩን ስለሚጎትት፣ ከበርካታ ርክክቦች መካከለኛውን ዋጋ መውሰድ ይሻላል። ነጥቡ ከመንገዱ የትኛው ወገን እንደሆነም መመዝገብ አለበት፤ በቀለበት መንገድ ላይ ከማዶ ያለ በር በካርታ ቅርብ ቢመስልም እስከ መዞሪያው ድረስ መሄድን ይጠይቃል።

የዲጂታል አድራሻ ኮድ ይህን ሁሉ ያስቀራል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። በእርግጥ 10 ምልክቶች ያሉት ፕላስ ኮድ በጎንና በጎን 14 ሜትር ገደማ የሆነ ቦታን ለይቶ ያሳያል። ነገር ግን ኮዱ የሚጠቅመው ላኪው የራሱን ነጥብ በትክክል ሲያነብ ነው፤ ከቢሮው ሆኖ ለእናቱ ቤት ዕቃ የሚያዝ ልጅ ስልኩ የሚያሳየው የቢሮውን ኮድ ነው። ኮዱ የግቢው በር በየትኛው መንገድ እንደሚከፈትም አይናገርም።

የተከማቸ መረጃም ያረጃል። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና አካባቢዋ በተካሄደው የኮሪደር ልማት ሕንፃዎች ሲፈርሱ በእነርሱ ይጠቆሙ የነበሩ አድራሻዎች መነሻቸውን አጥተዋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ነጥብ የመጨረሻው ርክክብ ቀን አብሮ ሊያዝ፣ የቆየውም እንደገና አሻሚ ተብሎ ሊመደብ ይገባል። በአዲስ አበባ መረጃ የሚፈተን ማንኛውም የቅየሳ ቀመር የተቆጠበውን ኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን በፍለጋ የባከነውን ደቂቃ ለይቶ ካላሳየ፣ የከተማዋን ችግር ፈትቷል ለማለት አያስደፍርም።