«አጽዳ» የተባለው የትኛው ነው?

እንበልና ጨለለቅቱ ውስጥ እሸት ቡና የሚሰበስብ አንድ ነጋዴ አለ። ወቅቱ ኅዳር ነው፤ ቡናው በገፍ ይገባል። ከየገበሬው የተረከበውን ኪሎና ገና ያልከፈለውን ገንዘብ የሚመዘግበው በወረቀት ሳይሆን በስልኩ የማስታወሻ አፕ ነው። ስልኩ ሞልቶ አልሠራ ሲለው የአፑን ገጽ በስክሪንሾት አንስቶ ዲላ ለሚማር የእህቱ ልጅ ይልካል። ልጁም በቅን ልቦና «አጎቴ፣ አጽዳ የሚለውን ይጫኑ፤ ቦታ ይለቅልዎታል» ብሎ ይመልሳል።

ችግሩ ስክሪኑ ላይ «አጽዳ» የሚል ነገር አለመኖሩ ነው። ያሉት ሁለት ቁልፎች «Clear storage» እና «Clear cache» ናቸው። ሁለቱም የሚጀምሩት በአንድ ቃል ነው፤ የዚያ ቃል ትርጉም ደግሞ «አጽዳ» ነው። ነጋዴው የመጀመሪያውን ይነካል። ስልኩ «Delete app data?» ብሎ ይጠይቀዋል። የታዘዘው ማጽዳት ስለሆነ «Delete» የሚለውን ይነካል። የገበሬዎቹ ስም፣ ኪሎውና ዕዳው በአንዴ ይጠፋል። ማስታወሻው ከኢሜይል አካውንት ጋር ተያይዞ ሌላ ቦታ ካልተቀመጠ በቀር የሚመለስበት መንገድ የለም።

ልጁ በትርጉም አልተሳሳተም። «Clear» በእርግጥም «አጽዳ» ነው። ስህተቱ ሌላ ነው፤ የቁልፉን ትርጉም ሰጥቶ የቁልፉን ስም ወሰደበት። ነጋዴው የሚያየው ስክሪን በእንግሊዝኛ እንደሆነ ቀርቷል፤ እጁ ላይ ያለው መመሪያ ግን ሌላ ስክሪን የሚገልጽ ነው።

ሁለቱ ቁልፎች የሚሠሩትም ፈጽሞ የተለያየ ነው። «Clear cache» አፑ ቶሎ ለመክፈት ሲል ለጊዜው ያስቀመጣቸውን ፋይሎች ብቻ ያስወግዳል፤ አፑ ሲፈልጋቸው መልሶ ያመጣቸዋል። «Clear storage» ግን አፑን ገና ዛሬ እንደተጫነ ያደርገዋል፤ የተጻፈው፣ የተስተካከለው፣ የተገባበት አካውንት ሁሉ ይሄዳል። በአንዳንድ ስልኮች ይኸው ቁልፍ «Clear data» ይባላል። ስለዚህ የሚረዳው ሰው ከራሱ ስልክ ወይም ከትዝታው ሳይሆን ከተላከለት ስክሪንሾት ላይ ያለውን ስም ነው መጻፍ ያለበት።

አማርኛ ደግሞ እዚህ ላይ የራሱ ወጥመድ አለው። «ሰርዝ» የሚለው ቃል ለ«Delete»ም ለ«Cancel»ም ሲያገለግል ይታያል። አንደኛው ያጠፋል፣ ሁለተኛው ከማጥፋት ያድናል። በአንድ ጥያቄ ሥር ጎን ለጎን የሚቆሙ ሁለት ተቃራኒ ቁልፎች በአንድ ቃል ከተተረጎሙ አንባቢው የሚመርጠው በዕድል ነው። «Cancel»ን «ይቅር» ወይም «ተወው» ማለት ይሻላል፤ ከዚህም በላይ ግን ዋናውን ስም ከአጠገቡ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ስሙ እንዳለ ይቀመጥ፣ ትርጉሙ ከጎኑ ይምጣ፣ የሚመለስና የማይመለስ ነገር ይለይ። ልጁ ስክሪንሾቱ ላይ ጽሑፉን ሳይሸፍን ከቁልፎቹ አጠገብ ቁጥር ጽፎ እንዲህ ሊመልስ ይችል ነበር፦

«አጎቴ፣ በፎቶው ላይ 1 እና 2 ብዬ ምልክት አድርጌያለሁ።

1. Clear storage፦ ይህን አይንኩት። የጻፉትን ሁሉ ያጠፋል፤ አይመለስም።

2. Clear cache፦ ይህን ይንኩ። ለጊዜው የተጠራቀመውን ብቻ ያስወግዳል፤ ሒሳብዎ አይነካም።

Delete app data? የሚል ጥያቄ ከመጣ 1 ተነክቷል ማለት ነው። Cancel የሚለውን ይንኩና ይቅር፤ ከዚያ አዲስ ፎቶ ይላኩልኝ።»

የመጨረሻው መስመር ከሁሉም ይበልጣል። መንገድ ስቶ የሄደ ሰው መሳቱን የሚያውቅበትን ምልክት ይሰጠዋል። የላቲን ፊደል ለማያነብ ሰውም ቁጥሩ ይበቃዋል፤ የቁልፉን ቅርጽ ከፎቶው ጋር አስተያይቶ ያገኘዋል።

«በስተቀኝ ያለውን ይጫኑ» የሚለው መመሪያ ግን ብቻውን አይታመንም። ከዓረብ አገር በመጣ ስልክ ላይ ሜኑው በዓረብኛ ከሆነ ገጹ ሁሉ ይገለበጣል፤ በእንግሊዝኛ በግራ የነበረው የ«ይቅር» ቁልፍ በቀኝ ይሆናል። በዓረብኛ «إلغاء» ብቻውን ሲቆም «ይቅር» ማለት ነው። «إلغاء التثبيت» ሲሆን ግን አፑን ከስልኩ ላይ ማንሳት ነው። የመጀመሪያውን ቃል ብቻ አይቶ «ይቅር የሚለው ነው» ብሎ የሚተረጉም ሰው አፑን ያስነቅላል። ስለዚህ የቁልፉ ስም ሲጻፍ ግማሹ ሳይሆን ሙሉው ይጻፍ።

ስልኩ በአማርኛ ቢሆንስ? ያኔም ደንቡ አይለወጥም። የአማርኛ ሜኑዎች ቁልፎቻቸውን «ሰርዝ»፣ «አጽዳ» እያሉ በአንተ ነው የሚጽፉት። ታላቁን የሚያከብር ልጅ ደግሞ «ይሰርዙ የሚለውን ይንኩ» ብሎ ይጽፋል። አጎትየው «ይሰርዙ» የሚል ሲፈልግ ይውላል። አክብሮቱ ከስሙ ውጭ ይሁን፦ «ሰርዝ» የሚለውን ይንኩ።

አንድ ተቃውሞ አለ፤ ቀላልም አይደለም። «በራሳችን ቋንቋ መጠቀም ሲገባን ለምን የእንግሊዝኛውን ስም እናስቀምጣለን? ይህ ሰዉን ጥገኛ ማድረግ ነው» የሚሉ አሉ። አፑ ራሱ ወደ አማርኛ ቢተረጎም መልካም ነው፤ ብዙ ስልኮችም ቋንቋቸውን ወደ አማርኛ መቀየር ይችላሉ። ነገር ግን ስክሪንሾት መተርጎም አፕ መተርጎም አይደለም። ስክሪኑ ላይ የተጻፈው ሳይለወጥ መልእክቱ ውስጥ ያለውን ስም ብቻ መለወጥ ቋንቋን አያሳድግም፤ የሚፈለገውን ቁልፍ ይሰውራል እንጂ።

ለጌዴኦ ሰው ደግሞ ነገሩ ሌላ ገጽ አለው። ቤቱ የሚነጋገረው በጌዴኡፋ ነው፤ አማርኛው የትምህርት ቤት፣ የገበያና የጽሕፈት ቤት ነው። የስልክ አማርኛ የሚጠቀምባቸው እንደ «መሸጎጫ» እና «ውሂብ» ያሉ ቃላት ከ«cache» እና ከ«data» ባልተናነሰ እንግዳ ሊሆኑበት ይችላሉ። እንግዳን ቃል በእንግዳ ቃል መተካት ትርጉም አይባልም። «ለጊዜው የተጠራቀመ»፣ «እርስዎ የጻፉት ሁሉ» ማለት ግን ለሁሉም ይገባል። የአማርኛው ብርታት መታየት ያለበት እዚህ ላይ ነው፤ ቁልፉ ሲነካ የሚሆነውን በግልጽ በመንገር።

ለዘመድ ስልክ የሚያስተካክሉ ተማሪዎች፣ የሞባይል ጥገና ቤት ልጆችና መመሪያ የሚለጥፉ ቻናሎች ይህን ቢይዙ ብዙ ሒሳብ ይተርፋል። የማይመለስ ነገር ያለበት ገጽ ላይ ሲደርሱ ደግሞ አንድ ልማድ ይጨምሩ፦ የመጨረሻው ቁልፍ ከመነካቱ በፊት ሌላ ስክሪንሾት ይጠይቁ። አንድ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ጨለለቅቱ ላይ የጠፋውን መዝገብ ግን እያንዳንዱ ገበሬ በር ድረስ ሄዶ «ስንት ኪሎ ነበር ያስረከብከኝ?» ብሎ መጠየቅን ይጠይቃል፤ ያኔም የሁለቱ ቁጥር ላይስማማ ይችላል።