ፖስተሩን ያደበዘዘው ማሽኑ አይደለም

አዲስ ዓመት ሲቃረብ ከጎፋ እስከ ጀሞ፣ ከሳሪስ እስከ ለቡ ባሉ ማተሚያ ቤቶች የሚሰማ አንድ ክርክር አለ። ደንበኛው የታተመለትን ትልቅ ፖስተር ዘርግቶ ያያል። የሚያስተዋውቀው ዕቃ ጥሩ ወጥቷል፣ ጽሑፉም ይነበባል፤ ከጀርባ ያለው የአደይ አበባ መስክ ግን ቢጫ ቀለም የተደፋበት ይመስላል። «ስልኬ ላይ እንዲህ አልነበረም» ይላል። አታሚው የተሰጠውን ፋይል እንዳተመ ይናገራል። ዲዛይነሩ በስልክ «ማሽናቸውን ያስተካክሉ» ይላል። በመጨረሻ የድጋሚ ኅትመቱን ወጪ የሚሸከመው ጥፋቱ ያለበት ሳይሆን መከራከር የታከተው ነው።

ይህ ግን በግምት የሚፈረድ ጉዳይ አይደለም። ፍርዱ እዚያው ፖስተሩ ላይ ተጽፏል። ጠጋ ብሎ የፊደሎቹን ጠርዝ ማየት ይበቃል። ፊደሎቹ ጥርት ብለው የጀርባው ሥዕል ብቻ ከደበዘዘ ማሽኑ ነጻ ነው፤ ሁለቱንም ያተማቸው ያው ማሽን፣ በዚያው ወረቀት ላይ ነውና። የፊደሎቹ ጠርዝም ጥላ ካበጀ ወይም ቀጭኑ መስመር ሁለት ሆኖ ከታየ ግን የማሽኑ ሄድ ማስተካከል ይፈልጋል፤ ያኔ ጥፋቱ የአታሚው ነው። ጽሑፉ ከሥዕሉ ጋር ተጨፍልቆ አንድ ምስል ሆኖ የመጣ እንደሆነ ደግሞ አታሚው ከራሱ ኮምፒውተር አንድ መስመር ጽሑፍ አትሞ ማሳየት ይችላል።

በዚህ መመዘኛ ሲታይ፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠሩ ጀርባዎች የሚደበዝዙት አብዛኛውን ጊዜ ገና ማሽኑ ጋ ሳይደርሱ ነው።

ግራ የሚያጋባው አንድ ቁጥር አለ። ማተሚያ ቤቱ «ማሽናችን 1440 ዲፒአይ ነው» ሲል ደንበኛው ሥዕሉም በዚያ ልክ ጥርት ብሎ የሚወጣ ይመስለዋል። ያ ቁጥር ማሽኑ በአንድ ኢንች ውስጥ የሚያሳርፈውን የቀለም ነጠብጣብ ይናገራል እንጂ ሥዕሉ የያዘውን ዝርዝር አይናገርም። ዝርዝሩ ያለው በፒክስሎቹ ነው። ፒክስል ያነሰው ሥዕል በጥሩ ማሽን ሲታተም ድብዛዜው በጥራት ይወጣል።

ስንት ፒክስል ይበቃል? መልሱ የሚወሰነው ተመልካቹ በሚቆምበት ርቀት ነው። ጤናማ ዓይን ለይቶ የሚያየው ትንሹ ነገር የአንድ ዲግሪ ስልሳኛ ያህል ነው። ይህ ወደ ኅትመት ሲመነዘር ቀላል ስሌት ይሆናል፤ 87ን በሜትር ለተለካው ርቀት ማካፈል። ከ1 ሜትር ለሚታይ ፖስተር በአንድ ኢንች 87 ፒክስል፣ ከ3 ሜትር ለሚታይ 29 ፒክስል ያስፈልጋል ማለት ነው።

አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው እንከተል። ጎፋ ያለ አንድ የጫማ ሱቅ በሩ አጠገብ የሚለጠፍ፣ 1 ሜትር በ1 ሜትር ተኩል የሆነ የእንቁጣጣሽ ፖስተር ፈለገ እንበል። ሰው የሚያየው ከ1 ሜትር ገደማ ነው። ዲዛይነሩ የአደይ አበባውን መስክ በኤአይ ሠራው፤ የወጣለት ሥዕል 1024 በ1536 ፒክስል ነው። አንድ ሜትር ተኩል 59 ኢንች ያህል ስለሆነ ሥዕሉ በዚያ ቁመት ሲዘረጋ በአንድ ኢንች 26 ፒክስል ብቻ ይደርሰዋል። የሚያስፈልገው 87 ነበር። ዲዛይነሩ በፎቶሾፕ ጎትቶ ቢያሳድገው ፕሮግራሙ በፒክስሎቹ መካከል ያለውን ክፍተት በአማካይ ቀለም ይሞላዋል። አማካይ ቀለም ማለት ደግሞ ድብዛዜ ማለት ነው። ቢጫው መስክ የመጣው ከዚህ ነው።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው «አፕስኬል» ወደሚባለው መፍትሔ የሚሄደው። እንደ Upscayl ያሉ ነጻ ፕሮግራሞች አንዴ ኮምፒውተር ላይ ከተጫኑ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ፤ ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ግን ይፈልጋሉ። ሥዕሉን በየጎኑ 4 እጥፍ ሲያሳድጉት 4096 በ6144 ፒክስል ይሆናል፤ በአንድ ኢንች 104 ማለት ነው። ከሚያስፈልገው ይበልጣል። እነዚህ ፕሮግራሞች አማካይ ቀለም ከመሙላት ይልቅ የተማሩትን ጠርዝና ሸካራነት ይስላሉ፤ ስለዚህ የአበባው ቅጠል ጠርዝ ይኖረዋል።

ታዲያ አፕስኬል ተደርጎም የሚደበዝዘው ለምንድን ነው? ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ ሁሉም ሰው እጅ ላይ ያለው ቴሌግራም ነው። ሥዕል እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ ቴሌግራም ረጅሙን ጎን ወደ 1280 ፒክስል ያሳንሰዋል፤ ከዚያም ይጨምቀዋል። የጫማ ሱቁ ሥዕል 853 በ1280 ሆኖ ይደርሳል፤ ከፒክስሎቹ 30 በመቶ ያህሉ መንገድ ላይ ቀሩ ማለት ነው። ይህ ደግሞ 4 እጥፍ ሲያድግ በአንድ ኢንች 87 ይሰጣል። በቁጥር ሲታይ ልክ ያለፈ ይመስላል። በዓይን ሲታይ ግን ወድቋል፤ መጨመቁ በሥዕሉ ላይ የተወው አራት ማዕዘን ጭረትና በጠርዝ ዙሪያ ያለው ቆሻሻ ለፕሮግራሙ እውነተኛ ዝርዝር ይመስለዋል፤ እሱንም አጉልቶ ይስለዋል። የፒክስል ብዛትና ጥራት አንድ እንዳልሆኑ የሚታየው እዚህ ነው። መፍትሔው ምንም ወጪ የለውም። ሥዕሉ በPNG ተቀምጦ «File» ተብሎ ይላክ።

ሁለተኛው ምክንያት ማደጋገም ነው። 4 እጥፍ ያደገውን ሥዕል እንደገና 4 እጥፍ ማሳደግ የሚያምር ቁጥር ይሰጣል። ሁለተኛው ዙር ግን የሚያጎላው የመጀመሪያው ዙር የፈጠረውን ነው። አበባው ፕላስቲክ ይመስላል፤ ሣሩ የተበጠረ ፀጉር ይሆናል። አንዴ አሳድጎ ማቆም ይሻላል።

ዋናው ብልሃት ግን ማሳደግ ላይ አይደለም፤ መነጣጠል ላይ ነው። አንድ መስክ ውስጥ መቶ አበባ ካለ እያንዳንዱ አበባ የሚደርሰው ጥቂት ፒክስል ነው፤ የትኛውም ፕሮግራም ያልነበረውን ቅጠል በእርግጠኝነት አይመልስም። ስለዚህ ጫማው አጠገብ የሚቆሙት ሦስት ወይም አራት አበቦች ለብቻቸው ይሠሩ፤ አንዱ አበባ ሙሉውን ሥዕል ይዞ። ያ 1024 ፒክስል ያለው አበባ ከጀርባው ተቆርጦ ፖስተሩ ላይ 25 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ሲቀመጥ በአንድ ኢንች 104 ፒክስል አለው፤ ምንም ሳያድግ ካደገው መስክ ጋር እኩል ሆነ። ከኋላ ያለው መስክ ቀስ እያለ ወደ ርቀት ቢለሰልስ ዓይን አይከፋውም፤ ካሜራም እንዲያ ነው የሚያሳየው። ዓይን የማይቀበለው ከዕቃው ጎን እኩል ቆሞ የደበዘዘውን ነገር ነው።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው ጥቂት ነው። ጽሑፉ ከሥዕሉ ጋር ሳይጨፈለቅ እንደ ፊደል በPDF ይላክ። የማጥራት ሥራው ሁሉም ነገር በመጨረሻ መጠኑ ከተቀመጠ በኋላ አንዴ ይሠራ። በፎቶ የተነሣው ጫማ ሸካራ፣ በኤአይ የተሠራው ጀርባ ልሙጥ ሆነው ከተጣሉ ቀጭን የአሸዋ ዓይነት ነጠብጣብ በሁለቱም ላይ ቢነሰነስ ያስታርቃቸዋል።

ማጥራት የሚያጋልጠው ነገርም አለ። ኤአይ የአዲስ አበባ መንገድ ሲስል በየሱቁ አናት ላይ ፊደል የሚመስሉ ግን ፊደል ያልሆኑ ጭረቶች ይጽፋል። ስልክ ላይ አይታወቁም። አፕስኬል ሲደረጉ ጥርት ብለው፣ ጠርዛቸው ተስሎ፣ በመቶ ሳንቲ ሜትር ፖስተር ላይ ይወጣሉ። አማርኛ የሚያነብ ሰው «ምንድን ነው የሚለው?» ብሎ ይቆማል፤ ማስታወቂያውን አያይም። እነዚህ ከማሳደግ በፊት መጥፋት አለባቸው፤ ካደጉ በኋላ ማጽዳቱ እጥፍ ሥራ ነው።

«ከሩቅ ማን ያየዋል?» የሚሉ አሉ። አንዳንዴ ልክ ናቸው። በቀለበት መንገድ ዳር የቆመ 12 ሜትር ወርድ ያለው ቢልቦርድ ከ50 ሜትር ሲታይ በአንድ ኢንች 2 ፒክስል እንኳ ይበቃዋል፤ 1536 ፒክስል ወርድ ያለው ሥዕል ደግሞ ሳያድግ 3 ይሰጠዋል። ትልቁ ኅትመት ቀላል፣ ትንሹ ከባድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ይህ ምክንያት ግን የቢልቦርድ ምክንያት ነው። ሱቅ በር ላይ ለሚለጠፍ፣ ሰው በክንድ ርቀት ቆሞ ለሚያየው ፖስተር አይሠራም። «ባነር ሁሉ ያው ነው» የሚለው አነጋገር ሁለቱን ስለሚቀላቅል ነው ገንዘብ የሚጠፋው።

ስለዚህ ማተሚያ ቤቶች አንድ ልማድ ቢያደርጉት ክርክሩ በአብዛኛው ይቀራል። ሙሉው ከመታተሙ በፊት ከፋይሉ ላይ ከባዱ ቦታ፣ ማለትም አበባ፣ ጽሑፍና ዕቃ የሚገናኙበት፣ 30 በ20 ሳንቲ ሜትር ያህል ተቆርጦ በእውነተኛ መጠኑ ይታተም። ደንበኛው ግድግዳ ላይ አስደግፎ፣ ፖስተሩ ከሚታይበት ርቀት ቆሞ ይየው፤ ከተስማማ ይፈርምበት። ከፖስተሩ ስፋት 4 በመቶው ብቻ ነው የሚባክነው። ደንበኛው ከፈረመ በኋላ ሥዕሉ ደበዘዘ የሚል ክስ አታሚው ላይ አይነሣም፤ ሳይፈርም ከቀረ ፋይሉ ወደ ዲዛይነሩ ይመለሳል፤ የማስተካከያው ወጪም የእሱ ነው።

ለዲዛይነሩ ይህ የከበደ ሊመስል ይችላል። ሆኖም ጀርባውን በደቂቃ ያሠራው፣ ዋጋውን ግን የሙሉ ቀን ሥራ አድርጎ ያስከፈለው እሱ ነው። በኤአይ ያተረፈውን ሰዓት ከፊሉን ለማጣራት ቢያውለው አይጎዳም። ያላጣራውን ሥዕል ልኮ ማሽኑን መውቀስ ግን ዕዳውን ለሌላ ማስተላለፍ ነው።