ቦርጭ በዝግታ፦ 300 ካሎሪ ከየት ትምጣ?

ቦርጭ ያስጨነቀው የቢሮ ሠራተኛ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያደርገው ቁርስ መተው ነው። ቀጥሎ እንጀራን ይጣላል። በሁለተኛው ሳምንት ታዲያ ማታ ቤቱ ሲገባ የተወውን ሁሉ በአንድ ትሪ ያካክሳል። እኔ የምለው ቁርሱንም እንጀራውንም አትንኩ ነው። መቀነስ ያለበት ሳናስተውለው የሚገባው ነገር ነው።

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ውስጥ የሚሠራ አንድ ሰው እናስብ። ዕድሜው 40፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ70፣ ክብደቱ 82 ኪሎ፤ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ባለበት ለመቆየት በቀን በግምት 2,200 ካሎሪ ይበቃዋል። ከዚህ ላይ 300 ብቻ ቢቀንስ በወር አንድ ኪሎ ገደማ ስብ ይወርድለታል። ትንሽ ነው? አዎ። ግን አይርበውም፣ ስለዚህ ይዘልቅበታል። በወር አሥር ኪሎ የሚሉት ግን አብዛኛው ውኃና ጡንቻ ነው፤ ይመለሳልም።

300ዋ ከየት ትመጣለች? ሰውዬው ከምሳ በኋላ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ይጠጣል፤ እሱ ብቻውን 130 ያህል ነው። በቀን ሦስት ሻይ፣ በእያንዳንዱ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ይጨምራል። ወደ አንድ አንድ ማንኪያ ቢያወርደው ወደ 100 ካሎሪ ይቀንሳል። ሦስተኛው ዘይት ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ አለው። የጫሞ አሳ በራሱ ስብ የሌለው ነው ማለት ይቻላል፤ የሚያከብደው የተጠበሰበት ዘይት ነው። ጥብሱን በአሳ ሾርባ መቀየር ከማንኪያም በላይ ያድናል። ጾም ላይም ነገሩ ያው ነው፤ ሥጋ ቀረ ብለን ወጡን በዘይት እናጥለቀልቀዋለን። ሙዝ ግን፣ ኧረ ምንም አላጠፋም! አንዱ መቶ ገደማ ነው፣ ሆድም ይይዛል።

ወደ ሴቻ የሚወስደውን ዳገት በእግር መውጣት ጥሩ ነው፤ ሁለት ኪሎ ሜትር ከመቶ ካሎሪ በላይ ያስወጣል። ጫፍ ላይ ደርሶ ለስላሳ ከከፈቱ ግን በቃ፣ ተጣፋ።

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው ሚዛን ላይ ነው። ጨው የበዛበት ወጥ ባደረ ማግስት አንድ ኪሎ ይጨምራል፤ የሲቀላ ሙቀት ያላበው ቀን ደግሞ ይቀንሳል። ሁለቱም ውኃ ነው። ስለዚህ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ጠዋት ምግብ ሳይቀምሱ ተመዝኖ አማካዩን መያዝ፣ በየሁለት ሳምንቱም ወገብን እምብርት ላይ በሜትር መለካት ይሻላል። ሚዛኑ ቆሞ ወገቡ ከጠበበ ሥራው እየሄደ ነው። ለአራት ሳምንት ሁለቱም ካልተነቃነቁ ያልተቆጠረ ነገር አለ፤ ብዙ ጊዜ የቅዳሜና እሑድ ቢራ ነው።

የስኳር መድኃኒት የሚወስድ፣ ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ እናት ይህን በራሳቸው አይጀምሩ፤ መጀመሪያ ሐኪም ያማክሩ። ሌላው ሰው 78 ኪሎ ሲደርስ ሰውነቱ ከበፊቱ በቀን 50 ካሎሪ ያህል ያነሰ ስለሚፈልግ መውረዱ ይዘገያል። ያኔ ሦስቱንም ሻይ ያለ ስኳር መልመድ ይበቃዋል፣ ወይም ለሁለት ሳምንት ባለበት ቆይቶ መቀጠል ይችላል።