በሬው ይሸጥ ወይስ ተከላካይ ጠበቃ ይጠበቅ?

በቆቦ ዙሪያ ሁለት ገበሬዎች በመስኖ ውኃ ተራ ተጣሉ እንበል። አንዱ ራሱን በዱላ ተመቶ ሆስፒታል ተኝቷል፤ ሌላው ፖሊስ ጣቢያ ነው። የታሳሪው ሀብት አንድ ጥንድ በሬ ብቻ ነው። የግል ጠበቃ ለመያዝ በሬው ይሸጥ ወይስ መንግሥት የሚመድበው ተከላካይ ይጠበቅ?

በሬው ይሸጥ (የቆቦ ነጋዴ)

የዚህ ሰው ዕጣ የሚወሰነው ወልድያ ችሎት ላይ ሳይሆን ጣቢያ በሚሰጠው ቃል ነው። በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ያቀርቡታል፤ ከዚያ ፖሊስ «ምርመራዬ አላለቀም» ብሎ 14 ቀን ይጠይቃል። ተከላካይ ጠበቃ የሚመጣው ግን ብዙውን ጊዜ ክስ ከተመሠረተ በኋላ ነው። እስከዚያ በንዴት «ልገድለው ነበር» ብሎ ቢፈርምስ? እኔ ራሴ የእርሻ መሬት ክርክር ነበረኝ፤ ጠበቃ ባልይዝ ይዞታዬን አጣ ነበር። ደግሞስ ተከላካዩም ከሳሹም የመንግሥት ደመወዝተኛ አይደሉም?

በሬው ይቆይ (በፍርድ ቤት ረጅም ዓመት የሠሩ የሕግ ባለሙያ)

ስለ ጣቢያው ያሉት እውነት ነው። የመሬት ክርክርዎ ግን ፍትሐ ብሔር ነው፤ እኛ የምንነጋገረው ስለ ወንጀል ተከሳሽ ነው። ደመወዙም ቢሆን ዓቃቤ ሕግ የፍትሕ ቢሮ ሰው ነው፤ ተከላካዩ በፍርድ ቤት ሥር ነው።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት በሬ የማያሸጥ ሥራ አለ። ታሳሪው ለፖሊስ መልስ ለመስጠት እንደማይገደድ ዘመድ ይንገረው። ዋስትና የሚያስከለክለው ወንጀሉ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ሆኖ ተጎጂው ሊሞት ይችላል ሲባል ነው። ስለዚህ ተጎጂው ከሆስፒታል የወጣ ዕለት ታሳሪው ያንን ለዳኛው ገልጾ እንደገና ዋስትና ይጠይቅ።

ዋናው ሙግት ወልድያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይጠብቀዋል። ክሱ የመግደል ሙከራ ከሆነ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 540 መነሻው ከ5 እስከ 20 ዓመት ነው። ከባድ የአካል ጉዳት ከሆነ ግን በአንቀጽ 555 ጣሪያው 15 ዓመት ሆኖ እስከ ቀላል እስራት ሊወርድ ይችላል። ልዩነቱን የሚያወጡት የመስቀለኛ ጥያቄዎች ናቸው፦ ስንት ጊዜ መታው? ራሱ ተወ ወይስ ሰው ገላገለው? እንዲህ ያለውን መዝገብ ደጋግሞ የያዘ ተከላካይ ይህን ያውቃል። የሚቸግረው ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ቤተሰቡ የምስክሮቹን ስም ቀድሞ ይውሰድለት። በግማሽ ክፍያ የተያዘ የግል ጠበቃ ግን ገንዘቡ ሲያልቅ ምን ይሆናል?

ነጋዴው

ዘመድ ጣቢያ ገብቶ እንዳያነጋግረው ቢከለከልስ? ጣቢያ ቃሉን ለሚሰጥባት አንድ ቀን ብቻ ጠበቃ ቢከፈልለት ምን አለበት?

ባለሙያዋ

ለዚያች ቀን ብቻ ከሆነ አልከራከርዎትም፤ ለእሷ በሬ ሳይሆን በግ ይበቃ ይሆናል። ክሱ ቀንሶ ቆቦ ወረዳ ፍርድ ቤት ከቀረም ተከላካይ ማግኘት ያስቸግራል። ከፍተኛ ፍርድ ቤት ለሚቀርብ ሰው ግን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ንዑስ 5 አቅም ለሌለውና ፍትሕ ሊጓደልበት ለሚችል ተከሳሽ መንግሥት ጠበቃ ያቁም ይላል። ክሱ የሚነበብ ቀን ተከሳሹ «ጠበቃ ማቆም አልችልም፤ ይመደብልኝ» ብሎ ለዳኛው ይናገር፤ ጥያቄው መዝገብ ላይ መስፈሩንም ያረጋግጥ።