ለቅዳሜው የፕሮግራሚንግ ቡድናችን፦ ኮርስ መቁጠሩን እንተው

ለክላርክስተኑ የቅዳሜ ቡድን አስተባባሪዎችና አባላት በሙሉ፣

ቅሬታዬ በማንም ሰው ላይ አይደለም፤ በአሠራራችን ላይ ነው። በስብሰባ መሀል ባነሳው አንዱን ነጥዬ የተናገርኩ ሊመስል ስለሚችል በጽሑፍ ማቅረቡን መርጫለሁ።

ቅዳሜ ስንገናኝ መጀመሪያ የምንጠያየቀው «ስንተኛው ትምህርት ላይ ደረስክ? ስንት ፐርሰንት ጨረስሽ?» እያልን ነው። ከዚያ ቪዲዮው በትልቁ ስክሪን ይከፈታል፤ አስተማሪው የሚጽፈውን እየተከተልን እንጽፋለን፤ ኮዱ ይሠራል፤ ደስ ብሎን ወደየቤታችን እንበተናለን። ሰርተፊኬት ያወጣ ካለ ይጨበጨብለታል። ውጤቱ ግን ምንድን ነው? የፓይተን መግቢያን ከተለያዩ አስተማሪዎች ሁለት ሦስት ጊዜ የጨረሱ፣ ባዶ ፋይል ሲከፈትላቸው ግን የመጀመሪያው መስመር ላይ ምን እንደሚጻፍ ግራ የሚገባቸው አባላት አሉን። ሲቸግራቸው ሌላ ኮርስ ይጀምራሉ። ሌላው ኮርስ ደግሞ እንደገና ከቫሪያብል ይነሳል። ቫሪያብልን ስለሚያውቁት ደስ ይላቸዋል፤ ሳምንቱም በዚያው ያልፋል።

ጥፋቱን በኮርሶቹ ላይ መጣል አይቻልም። የሃርቫርዱን ሲኤስ50 ውሰዱ፦ የዴቪድ ማላን ሌክቸር የትምህርቱ አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ ዋናው ትምህርት ያለው በየሳምንቱ በሚሰጡት የቤት ሥራዎች ላይ ነው። እኛ ሌክቸሩን አይተን «ሳምንት 3 ጨረስኩ» እንላለን። ፍሪኮድካምፕም ለሰርተፊኬቱ ራስህ የምትሠራቸው ፕሮጀክቶች ይጠይቃል፤ እነዚያን ከኢንተርኔት ገልብጦ ማለፍ ግን ማንም አያቅተውም። ኦዲን ፕሮጀክት ደግሞ ገና ከመሠረቱ «ድንጋይ፣ ወረቀት፣ መቀስ» የሚባለውን ጨዋታ ያለ መሪ ቪዲዮ ራስህ ሥራው ይልሃል። ብዙዎቻችን ትተነው የወጣነው እዚያ ጋ ሲደርስ ነው፤ ምክንያታችንም «አያስረዳም» የሚል ነበር። ማለትም ሦስቱም ያለ መሪ የሚሠራ ሥራ አዘጋጅተዋል፣ እኛ ግን ሦስቱንም ስንማር የዘለልነው ያንኑ ክፍል ነው።

አገር ቤትም ያው ነው። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የተጀመረው የ«5 ሚሊዮን ኮደሮች» ፕሮግራም ነፃ ትምህርት ለብዙ ወጣት ማድረሱ መልካም ሆኖ ሳለ፣ ከዚያ የሚላክልን ፎቶ ሁሉ የሰርተፊኬት ፎቶ ነው። የወንድሜ ልጅ ሲልክልኝ «እሰይ! ምን ሠራህበት?» ብዬ ጠየቅሁት። «ገና ሌላ ኮርስ ልጨርስ» አለኝ።

ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር ይባላል። በቪዲዮው ላይ የሚሆነው በትክክል ይኸው ነው። አስተማሪው መቅረጫውን ከመክፈቱ በፊት ብዙ ነገር ወስኖ ጨርሷል፦ መረጃው በምን መልክ እንደሚቀመጥ፣ የቱ ክፍል መጀመሪያ እንደሚሠራ፣ የቱ እንደሚቀር። ሲለማመድ የገጠመውንም ስህተት ቆርጦ አውጥቶታል። ለእኛ የሚደርሰን የተወሰነውና የጸዳው ብቻ ነው። እሱን መተየብ ደግሞ የጣት ልምምድ ነው። ፕሮግራመር የሚከፈለው ግን ለዚያ ለተቆረጠው ክፍል ነው።

ይህን በአንድ አባላችን ሥራ ላሳያችሁ፤ እንድጽፈው ፈቅዶልኛል። ማታ ማታ ኡበር ይነዳል፤ ትምህርቱንም የሚከታተለው ሃርትስፊልድ ጃክሰን ኤርፖርት ተራ እየጠበቀ በስልኩ ነው። የፓይተን ኮርሱን ሲጨርስ «ቀጥሎ የቱን ልውሰድ?» አለኝ። ምንም አትውሰድ፣ ስለ ሥራህ ማወቅ የምትፈልገው ነገር ካለ እሱን ሥራ አልኩት። «ማታ ብነዳ ነው ወይስ ጠዋት፣ በሰዓት የቱ ይሻለኛል?» አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ከየትኛውም ኮርስ አይገኝም።

መጀመሪያ ያቆመው ፓይተን አልነበረም። በማስታወሻ ደብተሩ ላይ የጻፈው «ማታ 2፡30 ገባሁ፣ ሌሊት 7፡15 ወጣሁ» ብሎ ነው። ኮምፒዩተሩ የሐበሻ ሰዓት አያውቅም። እና ፋይሉ ውስጥ የሚገባው የቱ ሰዓት ይሁን? ፕሮግራሙ ይቀይረው ወይስ እሱ ራሱ ቀይሮ ይጻፈው? ብዙ አሰበበትና ራሱ ቀይሮ 20:30 እና 01:15 ብሎ ለመጻፍ ወሰነ። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ነገር ግን በዚያን ሁሉ የኮርስ ሰዓት ውስጥ ራሱ የወሰናት የመጀመሪያዋ ነገር እሷ ነበረች። ከዚያ ይህን ጻፈ፦

```python
from datetime import datetime

start = datetime.strptime("20:30", "%H:%M")
end = datetime.strptime("01:15", "%H:%M")
hours = (end - start).total_seconds() / 3600
print(hours)
```

ስክሪኑ ላይ የወጣው -19.25 ነው። ልብ በሉ፣ ቀይ ጽሑፍ የለም፣ ኤረር የለም፤ ፓይተን በበኩሉ ሥራውን በሰላም ጨርሷል። ስህተት መሆኑን የሚያውቀው ውጤቱን የሚያነበው ሰው ብቻ ነው። የዚያን ቀን ገቢው 114 ዶላር ነበር፤ ለዚህ ቁጥር ቢያካፍለው በሰዓት ወደ ስድስት ዶላር ከፍሎ የነዳ ይመስላል።

ደወለልኝ። መልሱን አልነገርኩትም፤ `start` እና `end` ምን እንደያዙ አስወጥተህ እይ ብቻ አልኩት። ሲያይ ሁለቱም 1900-01-01 ይላሉ። ቀን ስላልሰጠው ፓይተን ሁለቱንም ሰዓት በ1900 ጃንዋሪ 1 ላይ አስቀምጧቸዋል፤ ስለዚህ ለእሱ ሌሊት 7፡15 ከምሽቱ 2፡30 በፊት የሆነ ነገር ነው። ምክንያቱን ካየ በኋላ መፍትሔውን ራሱ በአማርኛ ነገረኝ፦ «መውጫዬ ከመግቢያዬ ካነሰ ቀኑ ተቀይሯል ማለት ነው»። ኮዱ ይህንኑ ይላል፦

```python
from datetime import timedelta

if end < start:
    end = end + timedelta(days=1)
```

ይህ የገባው ከስሌቱ በፊት ነው። ውጤቱ 4.75 ሆነ፤ 114 ለ4.75 ሲካፈል በሰዓት 24 ዶላር ነው። ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ `total_seconds()` የሚለውን በ`.seconds` ቢተካው ኖሮ ያለ `if` ትክክለኛው 4.75 ይወጣለት ነበር። ፓይተን ኔጌቲቩን ልዩነት «አንድ ቀን ተቀንሶ፣ ሲደመር 17100 ሰከንድ» ብሎ ስለሚይዘውና `.seconds` የቀኑን ክፍል ትቶ ሰከንዱን ብቻ ስለሚያነብ ነው። ቁጥሩ ትክክል ይሆናል፣ እሱ ግን ለምን ትክክል እንደሆነ ሳያውቅ ያልፍ ነበር። ገልብጦ የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያልፈው እንዲህ ነው።

ቀጥሎ ማይሉን ጨመረ። ያን ሌሊት 62 ማይል ነድቷል። ታክስ ሰብሳቢው አይአርኤስ ለ2025 የፈቀደውን በማይል 70 ሳንቲም እንደ መኪና ወጪ ግምት ወሰደ፦ 43.40 ዶላር። የእሱ መኪና ቤንዚን ቆጣቢ ስለሆነች እውነተኛው ወጪ ከዚያ ሊያንስ ይችላል፤ ለግምት ግን ይበቃል። የቀረው 70.60 ለ4.75 ሲካፈል በሰዓት 14.86 ይመጣል። 24 ዶላር ሲል የነበረው ሰው ዝም አለ። በማግስቱ የኮርሱን አንዲት ትምህርት መልሶ ከፈተ፣ ያውም ሲኤስቪ ፋይል ስለማንበብ የምትናገረዋን ብቻ፤ የሁለት ወር ሺፍቱን ማስገባት ስለፈለገ። ቪዲዮ እንዲህ ሲታይ አልቃወምም፤ ጥያቄውን ይዞ ገብቶ መልሱን ይዞ ወጣ። ፕሮግራሙ ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ሌሊት ሰዓት ወደ ኋላ ሲመለስ እየነዳ ከሆነ አንድ ሰዓት ይጠፋዋል። ያውቀዋል፤ በዓመት አንዴ ነው ብሎ ትቶታል። ምን እንደሚተው መወሰኑም የሥራው አካል ነው።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ፈጽሞ አዲስ የሆነ ሰው እየተከተለ መጻፉ አይቀርለትም፤ የተወሰኑ ሳምንታት ይከተል። ነገር ግን ቫሪያብል፣ `if`፣ `for`፣ ዝርዝር፣ ፋንክሽን እና ከፋይል ማንበብ ላይ ሲደርስ ኮርሱን ያቁም። መድረሱ የሚታወቅበት ምልክት ፐርሰንቱ አይደለም። ቁጥሮች ያሉበትን ፋይል አንብቦ የሚደምር ፕሮግራም፣ ቪዲዮውን በዘጋ በማግስቱ፣ ከባዶ ፋይል ተነስቶ መጻፍ ከቻለ ደርሷል። የቁልፍ ቃል አጻጻፍ ከረሳው ዶክሜንቴሽን ይመልከት፤ እሱ ነውር የለውም። ከየት እንደሚጀምር ከጠፋው ግን ትምህርቱ ገና አልገባውም፣ ሌላ ኮርስም አይጨምርለትም፤ ያችኑ ትምህርት ዘግቶ እንደገና ይጻፋት።

ሲያቅተን የምናደርገውም ይቀየር። አሁን አንድ ሰው ሲቸገር ከጎኑ ያለው ላፕቶፑን ተቀብሎ ያስተካክልለታል። ደግነት ነው፣ ግን ያን ሰው ከሥራው ዋና ክፍል እናስቀረዋለን። የሚጠይቅ ሰው ሦስት ነገር ጽፎ ይምጣ፦ ምን ጠበቅኩ፣ ምን ወጣ፣ ምን ሞከርኩ። የኡበር ሹፌራችን «4.75 ጠበቅኩ፣ -19.25 ወጣ» ብሎ መጻፉ ብቻ ግማሹን መንገድ አሻግሮታል፤ ቁጥሩን አስቀድሞ በእጁ ባያሰላ ኖሮ ትክክለኛው ስንት መሆን እንዳለበት ባላወቀ። ኪቦርዱን ደግሞ ከጠያቂው በስተቀር ማንም አይንካ።

ለአስተባባሪዎች፦ ትልቁን ስክሪን ቅዳሜ ቅዳሜ ከቪዲዮ አላቅቁልኝ። ቪዲዮውን ሁሉም በየቤቱ፣ በየሺፍቱ እረፍት ማየት ይችላል፤ አብረን ስንሆን ብቻ የምናገኘው የሌላ ሰው ዐይን ነው። በየሳምንቱ አንድ አባል ያልሠራለትን ፕሮግራም ስክሪኑ ላይ ይክፈት፣ እኛ እየጠየቅነው እሱ ያስተካክለው። ጭብጨባው የሚያስፈልግ ከሆነ ለዚያ ይሁን። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ማን ስንት ኮርስ እንደጨረሰ የሚያሳየውን ሰንጠረዥም አንሱት። በምትኩ የሚለጠፈው የፕሮግራም ስምና ሠሪው ይሁን፤ መጀመሪያ ላይ ሁለት መስመር ብቻ ቢኖረው አንፈር።

የመጪውን ቅዳሜ ተራ የሚወስድ ካልተገኘ የእኔን አመጣለሁ። የእድራችንን መዋጮ የሚያሰላ ፕሮግራም ጀምሬ፣ ጳጉሜን ላይ ተሰናክሎብኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
ከቡድኑ አባላት አንዱ
አትላንታ፣ ጆርጂያ