ቆጠራው የሚጀምረው ከማስታወቂያው ነው

ሰኔ ሲጋመስ በብዙ ድርጅቶች ሰሌዳ ላይ አንድ ዓይነት ወረቀት ይለጠፋል። «የበጀት ዓመቱ መዝጊያ በመሆኑ ቅዳሜና እሁድ የዕቃ ቆጠራ ስለሚካሄድ ሠራተኞች በፈቃደኝነት እንድትገኙ እናሳስባለን» ይላል። ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ ማን ምን እንደሚሠራ፣ ምን ያህል እንደሚከፈል አይገልጽም። «በፈቃደኝነት» እና «እናሳስባለን» ጎን ለጎን ሲቀመጡ ሠራተኛው የሚያምነው ሁለተኛውን ነው።

እኔም እንዲህ ዓይነት ወረቀት ጽፌ አውቃለሁ። የዛሬ ስንት ዓመት በአንድ የሕንፃ መሣሪያ አከፋፋይ ድርጅት ሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። በማስታወቂያዬ ወደ አርባ ሰው መጣ። እሁድ እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ድረስ ተቆጠረ። ውጤቱ ከካርዱ ጋር አንድ ሆኖ ሲመጣ ደስ አለኝ። መስከረም ላይ ግን በመዝገብ አለ የተባለ ዕቃ ለደንበኛ ሊወጣ ሲል መደርደሪያው ባዶ ሆኖ ተገኘ። ጉድለቱ በግምጃ ቤቱ ኃላፊ ስም ተጻፈ። ከወራት በኋላ አንዲት የሽያጭ ሠራተኛ እውነቱን ነገረችኝ፦ «በሰጣችሁን ቅጽ ላይ የካርዱ ቁጥር ተጽፎ ነበር። ልጄን ጎረቤት ትቼ ነው የመጣሁት፣ ታክሲ ሳይጠፋ ቤቴ መግባት ነበረብኝ። ቁጥሩን ገልብጬ ሰጠሁ።»

ከዚያ ወዲህ የያዝኩት እምነት ይህ ነው፦ ሳይወድ የመጣ ሰው ዕቃ አይቆጥርም፣ ካርድ ይገለብጣል። የቆጠራው ትክክለኛነት የሚወሰነው መጋዘኑ ከመከፈቱ በፊት ሰው በተጠየቀበት መንገድ ነው።

ሕጉ ራሱ መነሻ ይሰጣል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ ትርፍ ሰዓት እንዲሠራ የሚገደደው እንደ አደጋ፣ ከአቅም በላይ የሆነ ችግር ወይም አስቸኳይ ሥራ ያለ ምክንያት ሲኖር ነው። ሰኔ 30 በየዓመቱ በዚያው ቀን የሚመጣ ነውና ቆጠራን ድንገተኛ ሥራ ብሎ መጥራት ያስቸግራል። ስለዚህ መጠየቅ እንጂ ማዘዝ አይገባም። አዋጁ ትርፍ ሰዓትን በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ይገድባል። ነፍሰ ጡር ሠራተኛም ትርፍ ሰዓት እንድትሠራ አይፈቅድም።

በቀጣዩ ዓመት ማስታወቂያውን እንደገና ስጽፍ የጀመርኩት ስንት ሰው እንደሚያስፈልግ በማስላት ነው። መጋዘኑ ውስጥ 600 ያህል የዕቃ ዓይነት ነበር። ባየሁት ልክ ሁለት ሰዎች ተጣምረው በሰዓት ወደ 20 ዓይነት በደንብ ይቆጥራሉ። በሁለት ቀን 8 ሰዓት ቢሠሩ አንዱ ጥንድ 160 ያደርሳል፤ አራት ጥንድ ይበቃል ማለት ነው። አምስተኛው ጥንድ ልዩነት የታየበትን ድጋሚ ይቆጥራል። በጠቅላላው አሥር ሰው። አርባውን ሁሉ የጠራሁት ሒሳቡን ስላልሠራሁ ነበር።

ከዚያ ሰዓቱ መጣ። በድርጅቱ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ይሠራል፤ ስለዚህ ቅዳሜ ከቀኑ 7 እስከ 11 ሰዓት፣ እሁድ ከጠዋቱ 4 እስከ 8 ሰዓት አደረግነው። የእሁዱ የተመረጠው ቅዳሴ አስቀድሶ የሚመጣ እንዲደርስ፣ የክረምቱ ዝናብም ሳይከብድ ሁሉም ቤቱ እንዲገባ ነው። ሰኔ 30 ሁልጊዜ በሐዋርያት ጾም ውስጥ ስለሚውል የምሳው ምግብ የጾምም የፍስክም እንዲኖረው በማስታወቂያው ተጻፈ።

ክፍያውን በብር ጻፍነው። «በሕጉ መሠረት ይከፈላል» የሚለው ሐረግ ለሠራተኛው ምንም አይነግረውም። የወር ደመወዙ 10,400 ብር የሆነ ሰው በሳምንት 48 ሰዓት ቢሠራ በወር 208 ሰዓት ይሆናል፤ የሰዓቱ ዋጋ 50 ብር ነው። የቅዳሜው ከሰዓት በአንድ ተኩል ስለሚታሰብ በሰዓት 75 ብር፣ ለ4 ሰዓት 300 ብር ይመጣል። እሁድ የሳምንት ዕረፍት ቀን ስለሆነ በእጥፍ ይታሰባል፤ በሰዓት 100 ብር፣ ለ4 ሰዓት 400 ብር። ድምሩ ግብር ሳይቆረጥ 700 ብር ነው። ለእሁዱም ምትክ ዕረፍት የሚሰጥበትን ቀን አብረን ጻፍን። ምሳና ትራንስፖርት ከዚህ ውጪ ናቸው።

ሥራውም ተዘረዘረ። ከጥንዱ አንዱ ይቆጥራል፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገራል፤ ሌላው ይጽፋል። የግምጃ ቤት ኃላፊው ቦታውን ያሳያል እንጂ አይቆጥርም። ቅጾቹ ተከታታይ ቁጥር አላቸው፣ የካርዱ ሚዛን ግን አልተጻፈባቸውም። የተቆጠረ መደርደሪያ ወረቀት ይለጠፍበታል። ቆጠራው ሳያልቅ ዕቃ አይገባም፣ አይወጣም።

አጠያየቁን ደግሞ ቀየርነው። በስብሰባ ላይ እጅ ማስወጣት ቀረ፤ አለቃው እያየው እጁን ያላወጣ ሰው ሌላ ነገር ይሰማዋልና። እያንዳንዱ ሰው እስከ ረቡዕ ድረስ ለሰው ኃይል ክፍል በግሉ እንዲናገር፣ «አልችልም» ላለ ሰው ምክንያት እንዳይጠየቅ ተጻፈ። አሥር ፈልገን አሥራ አራት ተመዘገቡ። አራቱ ተጠባባቂ ሆኑ።

በዚያ ቆጠራ የግማሽ ኢንች ኤልቦ አልስማማ አለ። ካርዱ 1,250 ይላል። የመጀመሪያው ጥንድ 24 ካርቶን አገኘ፤ ካርቶኑ ላይ 50 ፍሬ ስለተጻፈ 1,200 ብሎ ሞላ። የድጋሚ ቆጣሪዎቹ ካርቶኖቹን አንድ በአንድ ሲያነሱ ሁለቱ ቀለሉባቸው። ከፍተው ሲያዩ አንዱ 20፣ ሌላው 30 ፍሬ ብቻ ነበረው። ስለዚህ 22 ሙሉ ካርቶን 1,100፣ ከተከፈቱት 50፣ በድምሩ 1,150። የመጀመሪያው ጥንድ ተመልሶ ቆጥሮ ያንኑ አገኘ።

የጎደለው 100 ፍሬ ነው። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ፊታቸው ተለወጠ፤ ያለፈውን ዓመት አስታውሰው ነበር። «ጋሼ፣ የዓርቡን የወጪ ሰነድ አብረን እንየው» አልኳቸው። የመጨረሻው የወጪ ማዘዣ ላይ 100 ኤልቦ ለደንበኛ ወጥቷል፤ ካርዱ ላይ አልተቀነሰም። ዓርብ ማታ ጥድፊያ ነበር። በዚህ ምክንያት ከቆጠራ በፊት የመጨረሻውን የገቢና የወጪ ሰነድ ቁጥር መመዝገብ ግድ ነው፤ ያንን ስለመዘገብን ነገሩ በሩብ ሰዓት ተፈታ። ጉድለትም ሌባም አልነበረም።

የድጋሚ ጥንዱ ካርቶኑን ያነሳው 4 ሰዓት ብቻ እንደሚሠራ፣ ስንት እንደሚያገኝ፣ በስንት ሰዓት ቤቱ እንደሚገባ ስላወቀ ነው። ቢቸኩል ኖሮ በካርቶኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ አምኖ ያልፍ ነበር፣ የጋሼም ስም ለሁለተኛ ዓመት ከጉድለት ጋር ይጻፍ ነበር። ዘንድሮ ማስታወቂያ የምትለጥፉ ኃላፊዎች፣ ከመፈረማችሁ በፊት ሦስት ነገር ፈልጉበት፦ ሰዓቱ፣ ሥራው፣ ብሩ። አንዱ ከጎደለ ወረቀቱን አትለጥፉት።